የሳይን ሕግ ወይስ የኮሳይን ሕግ? በፎቶ ለደረሰን ጎነ ሦስት ትክክለኛውን መምረጥ

በስልክ ተነሥቶ የሚላክ የጎነ ሦስት ሥዕል አብዛኛውን ጊዜ ይዘቱ ተመሳሳይ ነው። ሦስት መስመሮች፣ በጎኖቹ ላይ የተጻፉ አንድ ወይም ሁለት ቁጥሮች፣ ማዕዘን ውስጥ የተሠመረ ቅስትና አጠገቡ የተጻፈ ዲግሪ፣ በመጨረሻም x ተብሎ የተተወ አንድ ጎን ወይም አንድ ዘዌ (አንግል) ይኖሩበታል። ከዘዌዎቹ አንዱ 90 ዲግሪ መሆኑን የሚያሳይ ትንሽ አራት ማዕዘን ምልክት ካለ የፓይታጎረስ ቀመርና ተራው ሳይንና ኮሳይን ስለሚበቁ ከዚህ በታች የተጻፈው አያስፈልግም። ያ ምልክት ከሌለ ግን ምርጫው ከሚከተሉት ሁለት ሕጎች አንዱን መያዝ ነው።

```
a / sin A = b / sin B = c / sin C
c² = a² + b² − 2ab·cos C
```

በሁለቱም ውስጥ ትንሹ ፊደል ጎንን፣ ትልቁ ፊደል ደግሞ ከዚያ ጎን ፊት ለፊት ያለውን ዘዌ ያመለክታል። a ከ A ፊት ለፊት ነው እንጂ ከ A አጠገብ አይደለም። ሥዕሉ ላይ ፊደል ያልተጻፈ እንደሆነ ማንኛውንም ስሌት ከመጀመር በፊት ፊደሎቹን በዚህ ሥርዓት ራስ መጻፍ ይሻላል፤ የተሳሳተ ሕግ ተመረጠ ከሚባሉት አጋጣሚዎች ብዙዎቹ በእውነቱ ትክክለኛው ሕግ ተመርጦ የተሳሳተ ጎን የገባባቸው ናቸው።

ፎቶው የሚናገረውና የማይናገረው

ከፎቶ ላይ የሚወሰደው የተጻፈው ምልክት ብቻ ነው። ፕሮትራክተር በስክሪን ላይ አስቀምጦ ዘዌ መለካት ወይም «ይህ ጎን ከዚያኛው ይረዝማል» ብሎ በዓይን መወሰን አያስተማምንም። ምክንያቱም አንደኛ የመማሪያ መጽሐፍ ሥዕሎች ብዙ ጊዜ በልካቸው የተሣሉ አይደሉም፤ ሁለተኛ ደግሞ ስልኩ ከወረቀቱ በላይ ቀጥ ብሎ ካልተያዘ ሥዕሉ በአንድ አቅጣጫ ይጨመቃል። ስልኩ 30 ዲግሪ ያህል አጋድሎ ከተያዘ ወረቀቱ ላይ 45 ዲግሪ የሆነ ዘዌ በፎቶው ላይ 41 ገደማ ሆኖ ሊታይ ይችላል።

ምልክቶቹን ስናነብ ሦስት ቦታዎች ላይ ቆም ማለት ይገባል። የመጀመሪያው የዲግሪ ምልክት ነው፤ በደበዘዘ ፎቶ ላይ 35° የሚለው 350 ሊመስል ይችላል፤ በተቃራኒውም 350 ሜትር የነበረ ጎን 35 ዲግሪ ተብሎ ይነበባል። ሁለተኛው ከጎነ ሦስቱ ውስጥ በተቆራረጠ መስመር የተሠመረ ቁመት ሲኖር ነው፤ ከዚያ መስመር አጠገብ ያለው ቁጥር የቁመቱ ርዝመት እንጂ የየትኛውም ጎን ርዝመት አይደለም። ሦስተኛውና በጣም አታላዩ ከጎኖቹ አንዱ ወደ ውጭ ተስቦ ቅስቱ ከጎነ ሦስቱ ውጭ ሲቀመጥ ነው። በዚያ ጊዜ የተጻፈው ቁጥር ከ180 ላይ ተቀንሶ ነው ወደ ሕጉ የሚገባው። ይህ ሦስተኛው ከሕጎቹ ምርጫ ጋር በቀጥታ የሚያያዝ ስለሆነ በምሳሌው ላይ እንመለስበታለን።

ጥንድ አለ ወይስ የለም?

ምርጫውን የሚወስነው ጥያቄ አንድ ነው፦ አንድ ጎንና ከፊት ለፊቱ ያለው ዘዌ ሁለቱም ይታወቃሉ? እነዚህን ሁለቱን «ጥንድ» እንበላቸው። የሳይን ሕግ የእኩልነቶች ሰንሰለት እንደ መሆኑ ከአንዱ ክፍልፋይ ውስጥ ላዩም ታቹም ካልታወቀ የሚያዝበት ጫፍ አይኖረውም። ጥንድ ካለ የሳይን ሕግ ይሠራል፤ ከሌለ የኮሳይን ሕግ ይያዛል።

ይህን ፈተና በሥዕል ላይ መፈጸም ቀላል ነው። ዲግሪው ከተጻፈበት ማዕዘን ተነሥቶ በጎነ ሦስቱ ውስጥ አቋርጦ ወደ ማዶው ጎን ጣትን መሳብ ነው። ጣቱ ያረፈበት ጎን ላይ ቁጥር ካለ ጥንድ ተገኘ ማለት ነው፤ x ካለ ወይም ባዶ ከሆነ ያ ዘዌ ጥንድ የለውም።

አንድ ማሳሰቢያ ግን አለ። ሁለት ዘዌዎች የተሰጡበት ሥዕል ሁልጊዜ ጥንድ አለው፤ ጥንዱ ተደብቆ ቢሆንም። ለምሳሌ 12 ሜትር የሆነ ጎን በሁለቱ ጫፎቹ 48° እና 67° ዘዌዎች ቢኖሩት ከሁለቱ የአንዱም ማዶ ጎን ስላልታወቀ ጥንድ የሌለ ይመስላል። ነገር ግን ሦስተኛው ዘዌ 180 − 48 − 67 = 65° ሲሆን እሱም በትክክል ከ12 ሜትሩ ፊት ለፊት ነው፤ ስለዚህ የሳይን ሕግ ያለ ምንም ችግር ይሠራል። እንዲህ ባለው ሥዕል ላይ የኮሳይን ሕግን መያዝ መንገድ ይዘጋል፤ ቀመሩ ቢያንስ ሁለት የታወቁ ጎኖች ይፈልጋልና።

እንግዲህ ለኮሳይን ሕግ የሚቀሩት ሁለት ሁኔታዎች ናቸው፤ ሁለት ጎኖችና በመካከላቸው ያለው ዘዌ የተሰጡበትና ሦስቱም ጎኖች ተሰጥተው ዘዌ የማይታወቅበት። በፈረንሳይ ትምህርት ቤቶች የሚማሩ ልጆች ያሏቸው ወላጆች ይህን ሕግ በደብተሮቻቸው ላይ «የአል-ካሺ ቴዎረም» ተብሎ ቢያገኙት ሌላ ሕግ አይደለም፤ እዚያ የሚጠራው በፋርሳዊው የሂሳብ ሊቅ ስም ነው።

አንድ ሥዕል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ

ፎቶው ላይ A፣ B እና C የተባሉ ማዕዘኖች ያሉት ጎነ ሦስት አለ እንበል። BC ላይ 9 ሳ.ሜ.፣ AC ላይ 4 ሳ.ሜ. ተጽፏል፤ AB ላይ x አለ። የታችኛው መስመር BC ከ C አልፎ ወደ ቀኝ ተስቧል፤ ከ C በስተቀኝ ባለው ቅስት ላይም 140° ተጽፏል። ጥያቄው ጎን x እና የቀሩት ሁለት ዘዌዎች ናቸው።

ቅስቱ ያለው ከጎነ ሦስቱ ውጭ ስለሆነ ውስጠኛው C የሚሆነው 180 − 140 = 40° ነው። ጣታችንን ከ C ወደ ማዶው ስንስብ የምናርፈው x ላይ ነው፤ ስለዚህ ጥንድ የለም። የተሰጡን ሁለት ጎኖችና በመካከላቸው ያለ ዘዌ ናቸው፤ የኮሳይን ሕግ ይያዛል።

```
x² = 9² + 4² − 2·9·4·cos 40°
x² = 97 − 72·0.766 = 41.84
x ≈ 6.47
```

እዚህ ላይ በብዛት የሚታየው ስሕተት 97 ላይ 72ን ቀንሶ የተገኘውን 25 በ0.766 ማባዛት ነው። ማባዛት ከመቀነስ ይቀድማልና ይህ ትክክል አይደለም፤ ውጤቱም 4.38 ይሆናል። ይህንን ያለ መልስ ቁልፍ ማወቅ ይቻላል። የጎነ ሦስት ሁለት ጎኖች ድምር ከሦስተኛው መብለጥ አለበት፤ 4 እና 4.38 ተደምረው ግን 9 አይደርሱም። በእኛ ሥዕል x ከ5 በታችም ከ13 በላይም ሊሆን አይችልም፤ ይህን ድንበር ከስሌቱ በፊት በሥዕሉ ጠርዝ ላይ መጻፍ ጥሩ ልማድ ነው።

ሌላው ስሕተት 140ን እንዳለ ማስገባት ነው። cos 140° ኔጌቲቭ 0.766 ስለሆነ ቀመሩ 97 + 55.16 ይሆንና x 12.3 ገደማ ይወጣል። ይህ ከ13 በታች ስለሆነ ከላይ ያልነው ድንበር አይዘውም፤ የሚያድነው ቅስቱ የት እንዳለ ደግሞ ማየት ብቻ ነው። እዚህ ላይ ልብ የሚባል ነገር አለ፦ sin 40° እና sin 140° ሁለቱም 0.643 ናቸው። የሳይን ሕግ አንድን ዘዌና ከ180 ላይ ሲቀነስ የሚቀረውን ለይቶ አያውቅም፤ የኮሳይን ሕግ ግን በምልክቱ ይለያቸዋል። በሁለቱ ሕጎች መካከል ያለው እውነተኛ ልዩነት ይህ ይመስለኛል፤ የሚቀጥሉት ሁለት ወጥመዶችም ከዚሁ የሚመነጩ ናቸው።

x ከተገኘ በኋላ ያለው ምርጫ

አሁን x እና 40° አንድ ጥንድ ሆነዋል። ስለዚህ የቀሩትን ዘዌዎች በሳይን ሕግ መፈለግ ይቻላል፤ ቀለል ስለሚልም አብዛኛው ሰው ወደዚያ ይሄዳል። ነገር ግን የትኛውን ዘዌ አስቀድሞ እንደሚፈልግ ካላሰበበት ይወድቃል።

ከ9 ሳ.ሜ. ፊት ለፊት ያለውን A እንፈልግ ቢባል፦

```
sin A = 9·sin 40° / 6.47 = 0.894
A = 63.4°
```

ካልኩሌተሩ 63.4 ይላል። ከዚያ B = 180 − 40 − 63.4 = 76.6° ይሆናል፤ ድምሩም 180 ስለሚሞላ ምንም የተበላሸ አይመስልም። ግን B ያለው ከ4 ሳ.ሜ. ፊት ለፊት ነው። ከሁሉ ያነሰው ጎን ፊት ለፊት ከሁሉ የበለጠ ዘዌ መጣ ማለት ነው፤ ይህም በጎነ ሦስት ውስጥ ፈጽሞ አይሆንም። ትክክለኛው A 116.6° ነው፤ ሳይኑ ከ63.4° ጋር እኩል ነው፤ ካልኩሌተሩ ግን ለሳይን ግልባጭ ከ90 በላይ የሆነ ዘዌ አውጥቶ አያውቅም።

መፍትሔው ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው። በሳይን ሕግ ለመሥራት ከፈለግን መጀመሪያ ከአጭሩ ጎን ፊት ለፊት ያለውን ዘዌ እንፈልጋለን። አንድ ጎነ ሦስት ከ90 በላይ የሆነ ዘዌ ከአንድ በላይ ሊኖረው ስለማይችልና እሱም ሁልጊዜ ከረጅሙ ጎን ፊት ለፊት ስለሆነ ከአጭሩ ጎን ማዶ ያለው ዘዌ ያለ ጥርጥር ከ90 በታች ነው። sin B = 4·sin 40° / 6.47 = 0.397፣ B = 23.4°፤ ቀሪው A = 116.6°። ይህን ቅደም ተከተል ማስታወስ የሚከብደው ሰው ደግሞ ለ A የኮሳይን ሕግን ይያዝ፤ cos A ኔጌቲቭ 0.447 ሆኖ ይወጣና ካልኩሌተሩ ራሱ 116.6° ይላል። ትንሽ ይረዝማል እንጂ አያሳስትም። ለጀማሪ የምመክረው ይህን ሁለተኛውን ነው።

ጥንድ እያለም የኮሳይን ሕግ የሚሻልበት ጊዜ

ከላይ የተሰጠው የጥንድ ፈተና «የሳይን ሕግ ይሠራል» ሲል አንድ ብቻ መልስ ይወጣል ማለቱ አይደለም። ሁለት ጎኖችና በመካከላቸው ያልሆነ አንድ ዘዌ በተሰጡበት ሥዕል ላይ ጥንድ ይኖራል፤ ጎነ ሦስቱ ግን ሁለት ዓይነት ሊሆን ይችላል።

ሌላ ፎቶ እንውሰድ። A = 40°፣ ከፊት ለፊቱ a = 7 ሳ.ሜ.፣ ሌላኛው ጎን b = 10 ሳ.ሜ. ነው፤ የሚፈለገው c። በሳይን ሕግ ከተሄደ sin B = 10·sin 40° / 7 = 0.918 ይሆንና ካልኩሌተሩ B = 66.7° ይላል። ከዚያ C = 73.3°፣ c = 10.43 ሳ.ሜ. ይገኛል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያበቃል። ነገር ግን B = 113.3° ቢሆንም ሳይኑ ያው 0.918 ነው፤ ከ40° ጋር ሲደመርም 153.3° ብቻ ስለሆነ ለ C 26.7° ቦታ ይተርፋል። በዚህኛው ጎነ ሦስት c = 4.89 ሳ.ሜ. ነው። ሁለቱም የተሰጡትን ቁጥሮች ሳያጓድሉ ያሟላሉ፤ የ7 ሳ.ሜ. ጎን በላይኛው ጫፉ እንደ በር ተንጠልጥሎ ከታችኛው መስመር ጋር በሁለት ቦታ መገናኘት ስለሚችል ነው።

በኮሳይን ሕግ ብንጀምር ግን ሁለተኛው መልስ ሳይጠየቅ ይመጣል።

```
7² = 10² + c² − 2·10·c·cos 40°
c² − 15.32c + 51 = 0
c ≈ 10.43   c ≈ 4.89
```

የኳድራቲክ እኩልታ መፍታት ቢጠይቅም ሁለት ፖዘቲቭ መልሶች ሲወጡ ሁለት ጎነ ሦስቶች እንዳሉ፣ አንድ ፖዘቲቭ ብቻ ሲወጣ አንድ እንዳለ፣ ከስኩዌር ሩቱ ሥር ኔጌቲቭ ቁጥር ሲመጣ ደግሞ ምንም እንደሌለ በግልጽ ይታያል። ስለዚህ የሚፈለገው ጎን c ብቻ ከሆነ እኔ በዚህ ዓይነት ሥዕል ላይ ጥንድ እያለም የኮሳይን ሕግን እመርጣለሁ። የሚፈለገው ዘዌ B ከሆነ ግን የሳይን ሕግ አጭር ነው፤ ከ180 ላይ ቀንሶ ሁለተኛውን መሞከር ብቻ አይዘንጋ።

ሁለት መልስ መኖር አለመኖሩን ከስሌቱ በፊት ማወቅም ይቻላል። b·sin A የሚባለው ከ C ወደ ታችኛው መስመር የሚወርደው ቁመት ነው፤ እዚህ 10 × 0.643 = 6.43 ሳ.ሜ. ይሆናል። a ከዚህ ካነሰ መስመሩን ስለማይደርስበት ጎነ ሦስት የለም፤ በ6.43 እና በ10 መካከል ከሆነ ሁለት አለ፤ 10 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ አንድ ብቻ ነው። የእኛ 7 በመካከል ስለወደቀ ሁለት መልስ ነበረን።

ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ለመወሰን መጀመሪያ የሚታየው ከሥዕሉ በላይ ያለው ጽሑፍ ነው። «B ከ90° ይበልጣል» ወይም «ሦስቱም ዘዌዎች ከ90° ያንሳሉ» የሚል ሐረግ ብዙ ጊዜ እዚያ አለ፤ ፎቶ አንሺው ሥዕሉን ብቻ ቆርጦ ሲልክ የሚጠፋውም ይኸው ነው። ጽሑፉ ከሌለና ሥዕሉ በልኩ ስለመሣሉ ማረጋገጫ ከሌለ ሁለቱንም መልሶች መጻፍ ትክክለኛ መልስ ነው። 67 ዲግሪና 113 ዲግሪ በዓይን በቀላሉ የሚለዩ ቢመስሉም «በልኩ አልተሣለም» ተብሎ የታተመ ሥዕል በዚህ አይታመንም።

ሦስት ጎን ብቻ ሲኖርና ካልኩሌተሩ ሲያጉረመርም

ሦስቱ ጎኖች ብቻ ከተሰጡ ምርጫ የለም፤ የኮሳይን ሕግ ነው። ከረጅሙ ጎን ፊት ለፊት ያለውን ዘዌ አስቀድሞ መፈለግ ይጠቅማል፤ ከ90 የሚበልጥ ካለ እሱ ነውና ከዚያ በኋላ ሁለቱን በሳይን ሕግ ያለ ስጋት መጨረስ ይቻላል። ጎኖቹ 6፣ 7 እና 11 ሳ.ሜ. ቢሆኑ ከ11 ፊት ለፊት ያለው ዘዌ ኮሳይን (36 + 49 − 121) / 84 = −0.429 ነው፤ ዘዌውም 115.4°። ላዩ ተሠልቶ ካለቀ በኋላ መካፈል ስላለበት ወደ ካልኩሌተር ሲገባ ቅንፉ መጻፍ አለበት።

ስክሪኑ ላይ `Math ERROR` ከመጣ ሕጉን ከመቀየር በፊት ፎቶውን እንደገና ማስፋት ይቀድማል። የደበዘዘ 11 እንደ 17 ተነቦ ቢሆን ኮሳይኑ −2.43 ይወጣል፤ ኮሳይን ከ−1 በታች መውረድ ስለማይችል ካልኩሌተሩ ይቆማል። 6 እና 7 ተደምረው 17 እንደማይደርሱ ማየት ያንኑ ነገር ያለ ካልኩሌተር ይናገራል። ስሕተት ሳያሳይ የተሳሳተ መልስ የሚሰጠው ግን ካልኩሌተሩ በራዲያን ሲሆን ነው፤ ስክሪኑ ላይ D በሚባለው ፈንታ R ካለ sin 40 የሚሰጠው 0.643 ሳይሆን 0.745 ነው፤ ይህም ትክክለኛ ቁጥር ስለሚመስል ማንም አይጠረጥረውም። sin 30 ብሎ 0.5 መውጣቱን ማየት ይበቃል።